ከጋብቻ በፊት የነበረው ቤት ሲሸጥ

ልጆቼ፣

ለብዙ ዓመታት በጥብቅና ስሠራ አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት በቤተሰብ ችሎት ነው። ለማግባት እየተዘጋጃችሁ ያላችሁ ወይም በቅርቡ ያገባችሁ ወጣቶች አንድ ነገር እንድታውቁልኝ ስለምፈልግ ይህንን እጽፍላችኋለሁ።

አንዲት ደንበኛዬ ነበረች። ገና ሳታገባ፣ ለዓመታት ባጠራቀመችው ገንዘብ ትንሽ ቤት ገዝታለች። ካገባች ከሦስት ዓመት በኋላ ያንን ቤት በ700 ሺህ ብር ሸጠችው። በዚያው ወር፣ በዚያው ገንዘብ፣ ለሥራዋ የሚቀርብ ሌላ ቤት ገዛች። ካርታውም በስሟ ወጣ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ትዳሩ ፈረሰ። ያኔ ቤቱ 5 ሚሊዮን ብር ያወጣ ነበር። (ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።)

ቢሮዬ መጥታ ስትቀመጥ በፍጹም እርግጠኝነት ነበር የምታወራው። «ጋሼ፣ ይሄ ቤት እኮ የእኔ ነው። እሱ አምስት ሳንቲም አላወጣበትም። ካርታውም በእኔ ስም ነው።» እውነቷን ነበር። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነበር።

እስቲ ከመሠረቱ እንጀምር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ነው። አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ ያላችሁ በክልላችሁ የሚሠራውን ተመልከቱ። በዚህ ሕግ፣ በጋብቻችሁ ዕለት በእጃችሁ የነበረው ንብረት የግላችሁ ሆኖ ይቀጥላል። ከተጋባችሁ በኋላ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዳችሁ ብቻ የመጣውም የግል ነው። ፍቺ ሲመጣ፣ የግል መሆኑን ያስረዳ ሰው ንብረቱን እንዳለ ይዞ ይወጣል። የጋራ የሆነው ግን እኩል ለሁለት ይከፈላል። ማን የበለጠ ደመወዝ ነበረው፣ ማን ቤት ውስጥ ልጅ ሲያሳድግ ነበር የሚለው ድርሻውን አይለውጠውም።

እስከዚህ ድረስ አብዛኛው ሰው ያውቀዋል። ችግሩ ንብረት አንድ ቦታ የማይቆም መሆኑ ነው። ይከራያል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል።

ኪራዩን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት እሱ ነውና። ከጋብቻ በፊት የነበረ ቤትህ የግልህ ነው። ካገባህ በኋላ ከእሱ የምትሰበስበው ኪራይ ግን የጋራ ነው። ሕጉ ከግል ንብረት የሚገኘውንም ገቢ የጋራ ሀብት ያደርገዋል። ስለዚህ በኪራዩ ገንዘብ መኪና ብትገዛ፣ ሊብሬው በስምህ ቢሆንም መኪናው የሁለታችሁ ነው።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስ። ሕጉ በጋብቻ ጊዜ በገንዘብ የተገዛን ነገር የጋራ ነው ብሎ ይነሳል። በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም ያው ነው። የግሌ ነው የሚል ሰው ማስረዳት አለበት። በግል ገንዘብ የተገዛ ነገር የግል ሊሆን እንደሚችልም ሕጉ ይናገራል። ግን እዚያው ላይ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ከባልና ሚስቱ አንዱ ጠይቆ፣ ፍርድ ቤት የግል ነው ብሎ መወሰን አለበት። እሷ ይህንን አልጠየቀችም። ማን ይነግራታል? ደላላው ስለ ዋጋው ነው የሚያወራው። ውሉን የጻፈላትም ሰው አላነሳላትም።

በፍቺው ክርክር ላይ ጥያቄውን አቀረብን። ባልየው ተቃወመ፤ ችሎቱም ቤቱን የጋራ አለው። ያም ሆኖ አንድ በር ቀርቶልን ነበር። የግል ንብረቱ ተሽጦ ገንዘቡ ከጋራው ሀብት ጋር የተቀላቀለበት ሰው፣ ይህንን ካስረዳ፣ ከክፍፍሉ በፊት በሽያጩ ዋጋ ልክ ያነሳል። በዚህ በኩል ደግሞ ማስረጃዋ ጠንካራ ነበር። የሽያጭ ውሏ 700 ሺህ ብር ይላል። የባንክ ስቴትመንቷ ላይ ገንዘቡ ሲገባ ይታያል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ገንዘብ ለአዲሱ ቤት ሻጭ ሲወጣም ይታያል።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ምንም ማስረጃ ባይኖራት ኖሮ 5 ሚሊዮኑ እኩል ይከፈልና 2 ሚሊዮን ተኩል ይደርሳት ነበር። የሽያጩን ገንዘብ ስላስረዳች መጀመሪያ 700 ሺህ አነሳች። የቀረው 4 ሚሊዮን 300 ሺህ ለሁለት ሲከፈል 2 ሚሊዮን 150 ሺህ ነው። በድምሩ 2 ሚሊዮን 850 ሺህ ብር ደረሳት። ቤቱን በገዛችበት ሰሞን የፍርድ ቤት ውሳኔ ብትይዝ ኖሮ ግን ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእሷ ነበር። ልብ በሉ፣ የምታነሳው የተሸጠበትን ዋጋ እንጂ ቤቱ ዛሬ የሚያወጣውን አይደለም። የብር ዋጋ በወረደ ቁጥር ይህ ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ባልየው ክፉ ሰው አልነበረም። «ቤቱን አብረን አድሰነዋል፣ ልጆቻችንን ያሳደግንበት ነው» ሲል ከልቡ ነበር። እሷም ከልቧ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ያለፈበትን ነገር ሁለት ሰዎች ለየብቻ ሲያስታውሱት እንዲህ ነው የሚሆነው።

ስለዚህ የግላችሁን ንብረት ሸጣችሁ ሌላ ስትገዙ፣ በዚያው ሰሞን ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ። የሽያጩን ውል፣ የግዢውን ውልና ገንዘቡ የሄደበትን የባንክ ማስረጃ አያይዙ። የትዳር ጓደኛችሁ አብሮ ቢቀርብና እውነት ነው ብሎ ቢያረጋግጥ ነገሩ ይቀላል። በመካከላችሁ ሰላም ባለበት ጊዜ ይህንን መጠየቅ አያሳፍርም። የውሳኔውን ግልባጭ ከካርታው ጋር አስቀምጡ። ሁለታችሁ ተፈራርማችሁ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ብቻ ብታስቀምጡት ግን አይበቃም። ባልና ሚስት በጋብቻ ጊዜ የሚያደርጉት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውጤት የለውም።

ገና ያላገባችሁ ደግሞ ሌላ ዕድል አላችሁ፤ የጋብቻ ውል። በጽሑፍ ይሆናል። በአራት ምስክሮች ፊት ይፈረማል፣ ሁለቱ በባል በኩል፣ ሁለቱ በሚስት በኩል። ምስክሮቹ ከጎደሉ ውሉ ይፈርሳል። ከጓደኛ የተገኘ ቅጂ ላይ ስም ቀይረው የፈረሙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እንዲያ አታድርጉ። የራሳችሁን ንብረት አንድ በአንድ ጻፉ። ቤቱን ከነካርታ ቁጥሩ፣ መኪናውን ከነሰሌዳው አስፍሩ።

ባንክ ያለ ገንዘብ ከሁሉም በላይ ቶሎ ይጠፋል። ያገባችሁበት ቀን 200 ሺህ ብር ቢኖራችሁ፣ በዚያው ሒሳብ ለስምንት ዓመት ደመወዝ እየገባና ወጪ እየወጣ ከቆየ፣ የትኛው ብር የቱ እንደሆነ ማንም ሊለየው አይችልም። ለዚያ ገንዘብ የተለየ ሒሳብ ክፈቱ። በሠርጋችሁ ሰሞን ማኅተም ያለበት ስቴትመንት አውጡና ከጋብቻ የምስክር ወረቀታችሁ ጋር አብራችሁ አኑሩ።

ደንበኛዬ በመጨረሻ ቤቱን ለቀቀች። ባልየው ድርሻዋን ከፍሏት ቤቱ ለእሱ ቀረ። ከአንድ ዓመት በኋላ እህቷን ይዛ ቢሮዬ መጣች። እህቷ ልታገባ ሁለት ወር ቀርቷት ነበር፤ በእጇም የኮንዶሚኒየሟን ውል ይዛ ነበር።