የቋንቋ ጥያቄና መልስ፦ ግሱ ሳይመጣ የሚያልቅ ትዕግሥት

ጥያቄ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል ነው የምሠራው። በእንግሊዝኛ ኢሜይል ስጽፍ ማረሚያው «ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል»፣ «ተገብሮ ግስ ነው» እያለ ያሰምርብኛል። በአማርኛ ስጽፍ ዝም ይላል፤ ሠራተኛው ግን እየደወለ «ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምትሉን?» ይለኛል። የእንግሊዝኛውን መመዘኛ ለአማርኛም ልጠቀምበት? ትናንት የላክሁትን አያይዣለሁ፦

«በትናንትናው ዕለት የተከሰተውን የኔትወርክ መቆራረጥ ችግር ለመቅረፍ ሲባል የዋናው ሰርቨር የሶፍትዌር ማሻሻያ የማድረግ ሥራ ዛሬ ማታ ከ12 ሰዓት ጀምሮ የሚከናወን በመሆኑ ሁሉም ሠራተኞች የጀመሯቸውን ሥራዎች ሴቭ በማድረግ ከሲስተሙ የመውጣት ተግባር እንዲፈጸም እናሳስባለን።»

መልስ፦ ሐሳቡን ይውሰዱ፣ ቁጥሩን ይተዉት። በእንግሊዝኛ ከ20 እስከ 25 ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ እንደ ረጅም አይቆጠርም። እኛ ግን «አልነገርንህም» ስንል አድራጊውን፣ ተቀባዩንና አሉታውን በአንድ ቃል አስረናል፤ እንግሊዝኛ ለዚሁ አምስት ቃል ያወጣል። ስለዚህ የአማርኛ 20 ቃል ከእንግሊዝኛው 20 ይከብዳል። እኔ ለሥራ ኢሜይል ከ15 ባይበልጥ እመርጣለሁ።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን የግሱን ቦታ ይመልከቱ። አማርኛ ዋናውን ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር 32 ቃል አለው፤ ሠራተኛው ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ የሚሰማው ከ25ኛው ቃል ወዲያ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰርቨሩንም፣ መቆራረጡንም፣ ሰዓቱንም ተሸክሞ ይጓዛል። ጸሐፊውም ቢሆን መንገዱ ረዝሞበታል፦ «ሁሉም ሠራተኞች» ብለው ጀምረው «እንዲፈጸም» ላይ ደረሱ። ሠራተኞቹ ግሳቸውን ሳያገኙ ቀሩ፤ «እንዲወጡ» መባል ነበረበት። ባለቤትና ግስ ሲራራቁ እንዲህ ያለው ስሕተት ጽሑፉን በሚያነበው ብቻ ሳይሆን በሚጽፈውም ዓይን ያመልጣል። እንዳያመልጥዎ ባለቤቱንና የመጨረሻውን ግስ ብቻ አጠጋግተው ጮክ ብለው ያንብቡ፦ «ሠራተኞች እንዲፈጸም»። ጆሮ ወዲያው ይቆረቁረዋል።

ሁለተኛው ችግር የስሙ ክምር ነው። «ማሻሻያ የማድረግ ሥራ የሚከናወን» ውስጥ ሥራውን የሚሠራው «ማሻሻል» ብቻ ነው፤ «ማድረግ»፣ «ሥራ» እና «መከናወን» አጃቢዎች ናቸው። «የመውጣት ተግባር» ደግሞ መውጣት ነው፤ የወጣ ሰው ተግባር ሲወጣ አይታይም። መፈለጊያው ቀላል ነው፦ «የመ» ወይም «የማ» ብሎ የሚጀምር ቃል «ሥራ»፣ «ተግባር» ወይም «ሁኔታ» ተከትሎት ከመጣ፣ ተከታዩን ይሰርዙና ፊተኛውን ወደ ግስነቱ ይመልሱት። ይህ ልማድ ከደብዳቤና ከሪፖርት የወረስነው ይመስለኛል፤ ቃሉ ሲረዝም ክብር የጨመረ ይመስለናል።

ተገብሮው ላይ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። በ«ተ» የሚጀምረውን ሁሉ ካደኑ «ተቀበለ»፣ «ተናገረ»፣ «ተማረ» ያለ ጥፋታቸው ይያዛሉ፤ «ተ» አላቸው እንጂ ተገብሮ አይደሉም። እውነተኛው ደግሞ ያመልጣል። «ተዘጋ» ላይ የምትታየው «ተ»፣ «ይዘጋል» ሲሆን ትዋጥና «ዘ»ን አጥብቃ ትቀራለች፤ መጥበቅ ደግሞ በፊደላችን አይጻፍም። «ከሦስት የተሳሳተ ሙከራ በኋላ ሲስተሙ ይዘጋል» ቢሉ፣ አንዱ አላልቶ አንብቦ ሲስተሙ አካውንቱን እንደሚዘጋ ይረዳል፤ ሌላው አጥብቆ ሲስተሙ ራሱ እንደሚዘጋ። «ሲስተሙ አካውንትዎን ይዘጋል» ካሉ ተሳቢው ይፈታዋል። ፕሮግራም ይህን ለመለየት ይቸገራል፤ «ማን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ይለየዋል። «ማን?» ተብሎ መልሱ ለአንባቢው የማይጠቅም ከሆነ ተገብሮው ይቆይ፤ «መስመሩ ተቋርጧል» ላይ ማን እንዳቋረጠው ባያውቁ ምንም ጥፋት የለበትም። ሥራው የክፍልዎ ሲሆን ግን «እንጀምራለን» ይበሉ፤ ሰውም ለማን እንደሚደውል ያውቃል።

ኢሜይሉን እኔ ብጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

«ዛሬ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ሥራችሁን ሴቭ አድርጋችሁ ከሲስተሙ እንድትወጡልን እንጠይቃለን። በ12 ሰዓት የዋናውን ሰርቨር ሶፍትዌር ማሻሻል እንጀምራለን። ይህን የምናደርገው ትናንት ኔትወርኩን ሲያቆራርጥ የዋለውን ችግር ለማስወገድ ነው።»

ከ32 ቃል ወደ 27 ነው የወረደው፤ ትርፉ ብዙ አይደለም። ለውጡ ሌላ ቦታ ነው፦ ሠራተኛው የሚፈለግበትን ነገር 11 ቃል ሳያልፍ ያገኘዋል፤ ምክንያቱን ያላነበበም ቢሆን ሰዓቱ ሳይደርስ ይወጣል። «እናሳስባለን»ንም አንስቼዋለሁ። ማስጠንቀቂያ ማስጠንቀቂያ ይሸታል፤ እርስዎ ደግሞ የሚፈልጉት ሴቭ እንዲያደርጉልዎ ብቻ ነው።