«አሁን» ያላትን ቃል ይዤ ልጠብቀው?

«3 ዓመት አብረን ቆይተናል። ባለፈው ማክሰኞ ማታ በቴሌግራም እንዲህ ብሎ ላከልኝ፦ ‹ብዙ አስቤበት ነው የወሰንኩት፤ አብረን መቀጠል አንችልም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አሁን ባለሁበት ሁኔታ ለማንም አልሆንም። እግዜር ካለ ምናልባት አንድ ቀን... ሁሌም እወድሻለሁ። ልብሶችሽን እህቴ ጋ አድርሻለሁ። ስለ ዕቁቡ ቅዳሜ እደውልልሻለሁ።› ጓደኞቼ በቃ አልቋል ይሉኛል። እኔ ግን ‹አሁን› ያላት ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ልጠብቀው?»

እህቴ፣ ሰው ሲጨንቀው ካነበበው ውስጥ ተስፋ የሚሰጠውን ቃል መርጦ ይይዛል። ያንቺም እንደዚያ ነው። ማታ አልጋ ላይ ሆነሽ አታንብቢው። ቀን፣ ረጋ ስትዪ፣ ወረቀት ላይ ገልብጪውና የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጽ አስምሪበት።

«ወሰንኩ» ያለቀ ነገር ነው። «አድርሻለሁ» ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ መልእክቱን ከመላኩ በፊት ልብሶችሽን ሰብስቦ፣ ተሸክሞ፣ እህቱ ቤት ወስዷል። በንዴት የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እልሽ ነበር፤ ይሄ ግን የተዘጋጀበት ነው። «እወድሻለሁ» እውነት ሊሆን ይችላል፣ አልክድም፣ ግን የሚሰማውን እንጂ የሚያደርገውን አይነግርሽም።

አሁን ወደ «አሁን» እንምጣ። የት እንደተቀመጠች ተመልከቺ። «አሁን መቀጠል አንችልም» አላለም። «አሁን» የገባችው ምክንያቱ ውስጥ ነው፣ ውሳኔው ላይ የለችም። «ምናልባት አንድ ቀን» የሚለው ደግሞ ጭራሽ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። ነጥብ ነጥብ አድርጎ ትቶታል፤ «እንመለሳለን» ብለሽ የጨረስሽለት አንቺ ነሽ። ክፍት መልእክት «2 ወር እንራራቅና ተገናኝተን እንነጋገር» ይላል፤ ቀን አለው፣ የሚደረግ ነገር አለው።

በእርግጥ ክፍት የሆነው አንድ ነገር ዕቁቡ ነው። ቀኑም፣ የሚደውለውም ሰው ተጽፏል። የምፈራልሽ ግን ቅዳሜን እንደ ዕርቅ ቀን እንዳትጠብቂው ነው።

«ለማንም አልሆንም» የሚለውን በቀላሉ አላልፈውም። ስለ መሞት አውርቶሽ የሚያውቅ ከሆነ ዛሬውኑ ለእህቱ ደውይላት፤ ቤተሰቡ አጠገቡ ይሁን። ይህን ስላደረግሽ ግን ግንኙነቱ ተመልሷል ማለት አይደለም።

ቅዳሜ ሲደውል መጀመሪያ የዕቁቡን ጨርሱ፦ ስንት እንደተከፈለ፣ ዕጣው ለማን እንደሚሆን፣ ከዚህ በኋላ ማን እንደሚጥል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቂው፦ «መለያየታችንን የመጨረሻ አድርጌ ይዤዋለሁ፤ ተሳስቻለሁ?» «አዎ ተሳስተሻል» ካለ መቼና የት እንደምትነጋገሩ ይንገርሽ። «እንጃ»፣ «እስቲ እናያለን» ካለ፣ ወይም ዝም ካለ፣ ማክሰኞ የጻፈው እንዳለ ነው። ያን ጊዜ ደግመሽ አትጠይቂው፤ ልብሶችሽን ከእህቱ ቤት የምታመጣልሽ ጓደኛ ፈልጊ።