ጥያቄና መልስ፦ ከዓመታት በኋላ ለ12ኛ ክፍል ፈተና መዘጋጀት

«ከትምህርት ከወጣሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ እሠራለሁ። የ9ኛ ክፍል ሒሳብን ከምዕራፍ አንድ ጀመርኩ፣ ሦስተኛው ላይ ሰለቸኝ። ከየት ልጀምር?» — ከታቦር

እህቴ፣ መጽሐፉን ለጊዜው አስቀምጪው። የቀድሞ ዓመት የሒሳብ ፈተና ፈልጊና ሃያ ጥያቄ ሰዓት ሳትይዢ ሥሪ። ስሌቱን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፊ፣ የተሳሳትሽውንም አትሰርዢ። የምንፈልገው ውጤትሽን ሳይሆን የቆምሽበትን መስመር ነው።

ይህችን ተመልከቺ፦ log₂x + log₂(x − 2) = 3። መጀመሪያውኑ ምን እንደሚደረግ ከጠፋሽ፣ የጎደለሽ የ10ኛ ክፍል ሎጋሪዝም ነው። ሁለቱን አጣምረሽ x(x − 2) = 8 ደርሰሽ እዚያ ከቀረሽ ግን ሎጋሪዝምን አሥር ጊዜ ብታነቢ አይረዳሽም፤ የጠፋሽ 9ኛ ክፍል የተማርሽው የኳድራቲክ እኩልታ አፈታት ነው። (x − 4)(x + 2) = 0 ብለሽ 4 እና −2 አግኝተሽ ሁለቱንም መልስ ካደረግሽ ደግሞ ስህተቱ ሌላ ነው። የኔጌቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም ስለሌለ መልሱ 4 ብቻ ነው። ፈተና አውጪም ይህን ስለሚያውቅ «4 እና −2» የሚለውን ከምርጫዎቹ መሃል ያስቀምጣል።

ከሥራ ዓለም የሚመለሱ ተማሪዎች በብዛት የሚቆሙት ሁለተኛው ቦታ ላይ ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍሉን ርዕስ ያስታውሱታል፤ ፋክተር ማድረግና ክፍልፋይ ማቃለል ግን ከእጃቸው ወጥቷል። ስለዚህ ለቆምሽበት መስመር የሚሆነውን ንዑስ ርዕስ ብቻ ከመጽሐፉ አውጪ፣ መልመጃውን ሥሪ፣ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ያችኑ የፈተና ጥያቄ በባዶ ወረቀት ድገሚያት። እዚያው መስመር ላይ ከቆምሽ ገና አልተስተካከለም ማለት ነው። ከሌሊት ፈረቃ ስትወጪ አዲስ ርዕስ አትንኪ፤ ያን ቀን የቀደሙትን ጥያቄዎች መድገም ይበቃል።

ሰዓት መያዝ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በቀደሙት ዓመታት የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት ነበር፤ ለአንዱ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይደርስም።

«የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ 34 ዓመቴ ነው። ማታ ባዮሎጂ ሳነብ ይገባኛል፣ ጠዋት ባዶ ነኝ። ዕድሜዬ ይሆን?» — ከአላሙራ

ዕድሜዎ አይመስለኝም። ደጋግመው ሲያነቡት ገጹ ዓይንዎን ስለለመደ ያወቁት ይመስልዎታል፤ ፈተናው የሚጠይቅዎ ግን መጽሐፉ በሌለበት ነው። ፎቶሲንተሲስን አንድ ጊዜ ያንብቡና መጽሐፉን ይዝጉ። በባዶ ወረቀት ላይ ምን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚወጣ፣ የትኛው ክፍል የት እንደሚከናወን ይጻፉ። ውሃ ተሰንጥቆ ኦክስጅን የሚወጣው ታይላኮይድ ላይ መሆኑን ጽፈው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ስኳር የሚለወጠው ስትሮማ ውስጥ መሆኑ ከጠፋብዎ፣ መጽሐፉን ከፍተው ያችን ብቻ ይዩ። ልጆቹ ሲተኙ ሁለት ሰዓት ከማንበብ፣ በዚህ መንገድ አርባ ደቂቃ መሥራት ይሻላል። ጠዋት ቁርስ ሲያቀርቡ ደግሞ ሳያዩ በቃልዎ ይበሉት።

«በ2008 የተማርኩባቸው መጻሕፍት አሉኝ። ይበቁኛል?» — ከአረብ ሰፈር

ለሒሳብ መልመጃ ይሆኑሃል። ለሌሎቹ ግን አይበቁም፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ተቀይሯል፣ ርዕሶችም ከክፍል ክፍል ተዛውረዋል። አዲሶቹ በፒዲኤፍ በነፃ ስለሚገኙ ገንዘብህን ለፎቶ ኮፒ አቆየው። በአዲሱ ማውጫ ላይ የማታውቀውን ርዕስ ምልክት አድርግበትና ከዚያ ጀምር።

«ፊዚክስ ጨርሶ አይሆንልኝም። ትቼው በሌሎቹ ባካክስስ?» — ከመናኸሪያ አካባቢ

ማለፊያው የሚታየው በድምሩ ስለሆነ ማካካስ ይቻላል፤ ሒሳቡን ግን አስቀድመህ ሥራው። ስድስት ትምህርት ከ600 የሚታረም ከሆነ 50 በመቶው 300 ነው። ፊዚክስን በግምት ብቻ ብትሠራ፣ አራት ምርጫ ባለው ፈተና የምትጠብቀው 25 ገደማ ነው። የቀሩት አምስቱ 275 ማምጣት አለባቸው፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 55። ፊዚክስን ወደ 40 ካደረስከው ግን ከየአንዳንዱ 52 ይበቃሃል። ሒሳብ ላይ ሦስት ነጥብ ለመጨመር የሚወስድብህን ጊዜ ታውቀዋለህ።

ስለዚህ እርግፍ አድርገህ አትተወው። እንቅስቃሴን፣ የኒውተንን ሕጎችና የኤሌክትሪክ ዑደትን ብቻ ያዝ፤ ቀመራቸው ጥቂት ነው፣ ጥያቄያቸውም ተደጋጋሚ ነው። የማግኔትንና የዘመናዊ ፊዚክስን ጥያቄ በግምት እለፈው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀነስ አንድም ጥያቄ ባዶ አትተው፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ያልሠራሃቸውን ለማጥቆር አስቀምጣቸው።