መጠባበቂያው በዴቢት ሲገኝ የዓመቱ ወጪ ስንት ነው?

«ሂሳብ ያዥ ነኝ። ዓመቱን ስንጀምር የአጠራጣሪ ተሰብሳቢ መጠባበቂያችን 18,000 ክሬዲት ነበር። በዓመቱ መካከል አንድ ደንበኛችን ከሰረ፤ የነበረበትን 24,600 መጠባበቂያውን ዴቢት፣ ተሰብሳቢውን ክሬዲት አድርጌ ሰረዝኩት። አሁን መጠባበቂያው 6,600 ዴቢት ያሳያል። ለዓመቱ መዝጊያ የዕዳዎቹን ዕድሜ ተንትኜ የሚያስፈልገን መጠባበቂያ 21,200 መሆኑን አግኝቻለሁ። ሥራ አስኪያጁ ወጪው 21,200 ነው ይላሉ። ባልደረባዬ ደግሞ 6,600ውን ቀንሼ 14,600 እንድመዘግብ ይመክረኛል። የትኛው ነው ትክክል? መጠባበቂያ በዴቢት መታየቱስ ያለፈው ዓመት ሂሳባችን የተሳሳተ እንደነበር ያሳያል?»

ትክክለኛው ወጪ 27,800 ነው። ከሁለቱም ምክር አንዱንም አይቀበሉ።

21,200 በዓመቱ የመጨረሻ ቀን በመጠባበቂያው ሂሳብ ላይ በክሬዲት ተቀምጦ መገኘት ያለበት ቀሪ ነው። ወጪው ደግሞ ሂሳቡን አሁን ካለበት አንሥቶ እዚያ የሚያደርሰው መጠን ነው። የእርስዎ መጠባበቂያ አሁን ያለው ከዜሮ በታች ስለሆነ መጀመሪያ ጉድጓዱ በ6,600 መሞላት አለበት፤ ከዚያ በላይ 21,200 ይቆለላል። ድምሩ 27,800 ይመጣል፤ ምዝገባውም አንድ ነው፦

ዴቢት፦ የማይሰበሰብ ሂሳብ ወጪ 27,800
ክሬዲት፦ የአጠራጣሪ ተሰብሳቢ መጠባበቂያ 27,800

ትክክል መሆኑን ለማየት የመጠባበቂያውን የዓመት እንቅስቃሴ በአንድ መስመር ይጻፉት። መነሻው 18,000 ነው፤ ከዚያ የተሰረዘው 24,600 ይቀነሳል፤ የዓመቱ ወጪ 27,800 ይደመራል፤ ውጤቱ 21,200 ይሆናል። ይህን መስመር በየዓመቱ ከመዝጊያ ሰነዶች ጋር አያይዞ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ኦዲተር ሲመጣ ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ነውና።

የሁለቱን ምክር በዚሁ መስመር ብንፈትነው ስህተቱ ወዲያው ይታያል። በሥራ አስኪያጁ ስሌት መጠባበቂያው 14,600 ላይ ይቆማል፤ ከሚያስፈልገው በ6,600 ያንሳል። በባልደረባዎ ስሌት ደግሞ 8,000 ብቻ ይቀራል። ባልደረባዎ መቀነስ የለመዱት ብዙውን ጊዜ ቀሪው በክሬዲት ስለሚገኝ ይመስለኛል። 6,600ው ክሬዲት ቢሆን ኖሮ 14,600 ትክክለኛው መልስ ይሆን ነበር። የሥራ አስኪያጁም ሐሳብ ከሌላ ዘዴ የተወሰደ ነው። ወጪውን ከዓመቱ የዱቤ ሽያጭ በመቶኛ የሚያሰሉ ድርጅቶች የተገኘውን አኃዝ ነባሩን ቀሪ ሳያዩ እንዳለ ይመዘግቡታል። እርስዎ ግን የተነሡት ከሽያጩ ሳይሆን ገና ካልተሰበሰበው ዕዳ ነው፤ ስለዚህ ነባሩን ቀሪ ማለፍ አይችሉም።

አንድ ሦስተኛ ዓይነት ስህተትም አለ። አንዳንዱ ሰው ዴቢቱን ማየት ስለማይወድ በመጀመሪያ 6,600 ወጪ መዝግቦ ሂሳቡን ዜሮ ያደርገዋል። ይህ በራሱ ጉዳት የለውም። ችግሩ የሚመጣው ሁለተኛውን ማስተካከያ ቀደም ብሎ ከታተመው የሙከራ ሚዛን ላይ አሁንም 27,800 ብሎ ሲያሰላው ነው፤ የዓመቱ ወጪ 34,400 ይሆንና ትርፉ ያለአግባብ በ6,600 ያንሳል። በአንድ ምዝገባ መጨረስ የሚሻለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዴቢቱ እንምጣ። በዓመቱ መካከል መታየቱ ስህተት አይደለም፤ መዝጊያው ላይ ሳይስተካከል መቅረቱ ግን ስህተት ነው። ስረዛው ራሱ ትርፍንም ሆነ የተሰብሳቢውን የተጣራ ዋጋ አይነካም። ሌላው ሁሉ ባለበት ቆሞ፣ ከስረዛው በፊት ተሰብሳቢው 334,600፣ መጠባበቂያው 18,000 ነው ብንል የተጣራው 316,600 ነው። ከስረዛው በኋላ ተሰብሳቢው ወደ 310,000 ወርዶ መጠባበቂያው 6,600 ዴቢት ሲሆን ዴቢቱ ይደመራል፤ የተጣራው ዞሮ 316,600 ነው። እንዲህ ያለ አኃዝ ግን ለአንባቢ ሊቀርብ አይችልም፤ ይሰበሰባል የተባለው ገንዘብ ደንበኞቹ ካለባቸው ዕዳ በልጦ ይታያልና። ከማስተካከያው በኋላ 310,000 ላይ 21,200 ተቀንሶ 288,800 ሲሆን ነገሩ ቦታውን ይይዛል።

ያለፈው ዓመት ግምት ተሳስቶ ነበር ወይ ለሚለው፣ ዴቢቱ ብቻውን ምንም አይመሰክርም። መጠባበቂያ የሚያዘው በመዝጊያው ቀን ለነበረው ዕዳ ነው። ስለዚህ የተሰረዙትን ደረሰኞች አውጥተው ቀናቸውን ይመልከቱ። ለምሳሌ ከ24,600ው ውስጥ 15,000 የሚሆነው የዘንድሮ ሽያጭ ቢሆን፣ አምና ያልነበረ ዕዳ በመሆኑ ያለፈው ዓመት መጠባበቂያ ሊሸፍነው አይችልም ነበር። ከአምናው የመጣው 9,600 ብቻ ይሆናል፤ 18,000ውም ይህንን ችሎ ይተርፍ ነበር። በአንጻሩ ሁሉም ደረሰኞች የአምና ሆነው ቢገኙ እንኳ ግምት ከእውነታው ጋር አለመግጠሙ ብቻውን ያለፈውን ዓመት መዝገብ አያስከፍትም፤ ልዩነቱ በዘንድሮው ወጪ ውስጥ ይገባል። ያለፈው ዓመት መግለጫ ተመልሶ የሚታረመው ደንበኛው መውደቁን የሚያሳይ መረጃ ያኔ በእጃችሁ እያለ ሳትጠቀሙበት ከቀራችሁና መጠኑም ከበድ ያለ ከሆነ ነው።

እኔን ከዴቢቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ 21,200ው የተገኘበት ዝርዝር ነው። የእርስዎን ሠንጠረዥ ስላላየሁ፣ ወደዚያው አኃዝ የሚያደርስ አንድ ምሳሌ ልሥራ። ጊዜው ያልደረሰ 210,000 በ1 በመቶ 2,100 ይሰጣል። እስከ 30 ቀን ያለፈው 54,000 በ5 በመቶ 2,700፣ ከ31 እስከ 60 ቀን ያለፈው 24,000 በ15 በመቶ 3,600፣ ከ61 እስከ 90 ቀን ያለፈው 12,000 በ40 በመቶ 4,800፣ ከ90 ቀን በላይ ያለፈው 10,000 በ80 በመቶ 8,000 ይሆናል። ድምሩ 21,200 ነው። ልብ ይበሉ፤ በዚህ ምሳሌ ባልደረባዎ የሚያስቀሩት 8,000 የመጨረሻውን ረድፍ ብቻ ሸፍኖ ለሌላው 300,000 ምንም አይተውም።

በዚህ ሠንጠረዥ ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ጥፋት የከሰረው ደንበኛ ስም ከዝርዝሩ ሳይወጣ መቅረቱ ነው። ስረዛው በጠቅላላ ሌጀር ላይ በጆርናል ተመዝግቦ በደንበኛው የግል ሂሳብ ላይ ካልተላለፈ፣ የዕድሜ ትንተናው አሁንም 24,600ውን ከ90 ቀን በላይ ባለው ረድፍ ይቆጥረዋል። በ80 በመቶ ሲባዛ መጠባበቂያውን በ19,680 ያሳብጠዋል፤ አንድ ኪሳራ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል ማለት ነው። ማወቂያው ቀላል ነው፦ የትንተናው ጠቅላላ ድምር ከተሰብሳቢ ሂሳብ ቀሪ ጋር እኩል መሆን አለበት። በምሳሌያችን ሁለቱም 310,000 ናቸው። ትንተናው 334,600 ቢያሳይ ኖሮ ልዩነቱ ራሱ የደንበኛውን ማንነት በነገረን ነበር። መቶኛዎቹን ከማባዛትዎ በፊት ይህን ማስታረቅ ይሥሩ።

በዚያው አጋጣሚ በመቀነስ ምልክት የተጻፉ ደንበኞችን ይፈልጉ። አስቀድሞ የከፈለ ወይም ትርፍ የላከ ደንበኛ ያለው የክሬዲት ቀሪ የሌላውን ሰው ዕዳ አያቃልልም፤ በዝርዝሩ ውስጥ ከተተወ ግን የረድፉን ድምር ዝቅ አድርጎ መጠባበቂያውን ያሳንሳል። እነዚህን ነጥለው በተከፋይ በኩል ያሳዩአቸው፤ ማስታረቁ ላይም እንደ ልዩነት ይጻፏቸው።

መቶኛዎቹን በተመለከተ ካለፉት ዓመታት የስረዛ ታሪካችሁ የተወሰዱ ከሆኑ ጥሩ መነሻ ነው፤ ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ የምትከተሉ ከሆነ ግን ወደ ፊት የሚጠበቀውም መታየት አለበት። አንድ ትልቅ ደንበኛ ስለከሰረ ብቻ ሁሉንም መቶኛ ከፍ ማድረግ አልመክርም። ይልቅ ከእሱ ጋር በአንድ የሥራ ዘርፍ ያሉ፣ ወይም ሥራ ያገኙ የነበረው ከእሱ የሆነ ደንበኞች ካሉ እነሱን ከሠንጠረዡ አውጥተው ለየብቻ ይመዝኗቸው።

ስለ ስረዛው ሰነድ አጭር ነገር ልጨምር። የኪሳራውን ማስረጃ፣ ለመሰብሰብ የተደረገውን ጥረትና የፈቀደውን ኃላፊ ፊርማ አብረው ያስቀምጡ። የሚፈቅደው ሰው ከደንበኞች ገንዘብ የሚቀበለው ሰው መሆን የለበትም፤ ተቀብሎ ለራሱ ያስቀረውን ክፍያ በስረዛ መሸፈን ይቻላልና። በብዙ አገሮች ግብር ሰብሳቢው ወጪውን የሚቀበለው ዕዳው በእርግጥ ሲሰረዝ እንጂ መጠባበቂያ ሲያዝ ስላልሆነ፣ ለግብር ማስታወቂያው የሚፈለገው ይኸው ፋይል ነው።

ከመዝገብ መሰረዝ ዕዳውን ምሬሃለሁ ማለት ስላልሆነ ከከሰረው ደንበኛ ንብረት የተወሰነ ገንዘብ ሊመጣ ይችላል። 5,000 ቢከፈል እንደ ሽያጭ ወይም እንደ አዲስ ገቢ አይመዝግቡት። በመጀመሪያ ስረዛውን በተገኘው መጠን ይመልሱ፤ ተሰብሳቢውን 5,000 ዴቢት፣ መጠባበቂያውን 5,000 ክሬዲት ያድርጉ። ከዚያ ባንኩን ዴቢት አድርገው ተሰብሳቢውን ክሬዲት ያድርጉ። ሁለት እርምጃ የሚያስፈልገው በደንበኛው የግል ሂሳብ ላይ መክፈሉ እንዲታይ ነው። ገንዘቡ ከመዝጊያው በፊት ከገባ የመጠባበቂያው ዴቢት ከ6,600 ወደ 1,600 ይወርዳል፤ የዓመቱ ወጪም ከ27,800 ወደ 22,800 ይቀንሳል። ቀሪውን 19,600 ግን ይከፈላል የሚል ማስረጃ እስካላገኙ ድረስ ወደ መዝገብ አይመልሱት።