ሰዓቴን በስንት ልሽጥ?

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከዓመት ተኩል በፊት የክሊኒክ ሥራዬን ትቼ ትርጉም ለብቻዬ ጀመርኩ። አብዛኛው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው፤ የክሊኒክ ፎርም፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሰው የልደት ሰርተፍኬት ያመጣልኛል። በወር ተጣርቶ እጄ እንዲገባ የምፈልገው 3,200 ዶላር ነው። በዓመት 38,400 ማለት ነው። ይሄንን ለ2,080 ሰዓት፣ ማለትም 40 ሰዓት በ52 ሳምንት፣ ሳካፍለው 18 ዶላር ከምናምን መጣልኝ። እኔ 25 ነው የማስከፍለው፣ ግን ገንዘቡ የት እንደሚገባ አላውቅም። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ የጤና ኢንሹራንሴን ራሴ ነው የምገዛው። አሁን ደግሞ አንድ ኤጀንሲ በአንድ ቃል 12 ሳንቲም እንክፈልሽ ብሎኛል። ልቀበል? ሒሳቤስ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

— ሰዓቷ ያለቀባት

እህቴ፣ የተበላሸው 2,080 ላይ ነው። እሱ የተቀጣሪ ሰው ቁጥር ነው። ተቀጣሪ ቡና ሲጠጣም ይከፈለዋል፣ ኢሜይል ሲመልስም፣ በገና ቀን ቤቱ ሲውልም። አንቺ የሚከፈልሽ ስትተረጉሚ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ሰዓትሽን እንቁጠር።

ከዓመቱ 52 ሳምንት ሦስቱን ለእረፍት አውጪ፤ እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለት ሳምንት ለሕመምና ለአሜሪካ በዓላት። ሦስት ሳምንት ደግሞ ሥራ ለማይኖርበት ጊዜ። ይሄ የመጨረሻው ቅንጦት እንዳይመስልሽ፤ እኔ ዘንድ ኦገስት ላይ ስልኩ ዝም ይላል፣ በየዓመቱ። 44 ሳምንት ቀረሽ።

ከዚያ ሳምንቱ ራሱ አለ። 40 ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ግን ኢንቮይስ መላክ፣ ያልከፈለ ሰው ማሳደድ፣ ዋጋ ለጠየቀ ሰው መልስ መጻፍ፣ ደንበኛው የላከውንና አልገለበጥ ያለውን ፒዲኤፍ መታገል፣ ይሄ ሁሉ ሰዓት ይበላል እንጂ ማንም አይከፍልበትም። እኔ አንድ ወር ሙሉ በደብተር ስይዘው በሳምንት የሚከፈልበት ሰዓቴ 24 ሆኖ አገኘሁት። እስካሁን ብዙም አልተለወጠም። አንቺም አራት ሳምንት ያዢውና የራስሽን ቁጥር አግኚ። ለጊዜው በ24 እንሂድ። 44 በ24 ሲባዛ 1,056 ሰዓት ነው። ካሰብሽው ግማሽ ገደማ ማለት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 38,400 ለኑሮሽ ነው። የጤና ኢንሹራንሱ በወር 400 ነው እንበል፣ በዓመት 4,800። ለክፉ ቀን በወር 100 አስቀምጪ፣ 1,200። ድምሩ 44,400 ይሆናል። ይሄ ግን ታክስ ከተከፈለ በኋላ መኖር ያለበት ገንዘብ ነው፣ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ጋ ነው።

ክሊኒክ ሳለሽ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከደሞዝሽ 7.65 በመቶ ይቆረጥ ነበር፣ አሠሪሽ ደግሞ ያንኑ ያህል በጎን ይከፍልልሽ ነበር። አንቺ አላየሽውም። አሁን አሠሪዋም ሠራተኛዋም አንቺው ነሽ፣ ሁለቱንም ትከፍያለሽ፣ 15.3 በመቶ። የሚሰላው በትርፍሽ 92.35 በመቶ ላይ ስለሆነ፣ ከትርፍሽ 14 በመቶ ገደማ ነው። ሴልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ የሚሉት ይሄ ነው። በላዩ ላይ የፌዴራል የገቢ ታክስ፣ ከዚያ የሜሪላንድና የካውንቲው አለ። ላላገባች፣ ልጅ ለሌላትና ትርፏ 60,000 አካባቢ ለሆነ ሰው እኔ ሁሉንም አንድ ላይ 26 በመቶ አድርጌ ነው የምይዘው። የራስሽን ቁጥር ታክስሽን ከሚሠራልሽ ሰው ጋር ተቀምጠሽ አስተካክዪው።

እዚህ ጋ አንድ ስህተት አለ፣ እኔም የመጀመሪያው ዓመት ሠርቼዋለሁ። 44,400 ላይ 26 በመቶ መጨመር አይደለም። ታክሱ የሚቆረጠው ከትልቁ ቁጥር ነው፣ ስለዚህ 44,400 የትልቁ ቁጥር 74 በመቶ መሆን አለበት። 44,400ን ለ0.74 አካፍዪው፣ 60,000 ይመጣል። ዝም ብለሽ ብትጨምሪ ኖሮ 55,944 ላይ ትቆሚያለሽ፣ አራት ሺህ ዶላር ገደማ ጎድሎሽ።

ቀጥሎ የሥራው ወጪ። ላፕቶፑን በየሦስት ዓመቱ ትቀይሪዋለሽ፣ ስለዚህ ሲሶው የዚህ ዓመት ነው። የትርጉም ሶፍትዌሩ፣ የኢንተርኔቱና የስልኩ የሥራ ድርሻ፣ የሙያ ኢንሹራንስ፣ አካውንታንት፣ ፕሪንተርና ቀለም። 4,500 እንበለው። ከ60,000 ጋር 64,500 ሆነ፤ በዓመት ከደንበኞችሽ ሁሉ መሰብሰብ ያለብሽ ይሄ ነው። ለ1,056 ሰዓት ሲካፈል 61 ዶላር።

እንግዲህ 25 ዶላሩ የት እንደሚገባ አሁን ግልጽ ነው። 25 በ1,056 ሲባዛ 26,400 ነው። 4,500 ወጪው ሲነሳ 21,900 ይቀራል፣ በወር 1,825፣ ታክሱ ገና ሳይነካ። አባካኝ ሆነሽ አይደለም ገንዘቡ ያለቀብሽ። መጀመሪያም አልነበረም።

አሁን ኤጀንሲው። ሰዓትሽን ካወቅሽ በኋላ የቃሉን ዋጋ ማውጣት ቀላል ነው፣ ፍጥነትሽን ብቻ መለካት ነው የሚያስፈልገው። አደራ፣ መተየቡን ብቻ እንዳትለኪ። በቅርቡ የሠራሁትን ልንገርሽ። ከቀዶ ሕክምና በፊት ታካሚው የሚፈርመው የፈቃድ ፎርም ነው፣ 1,500 የእንግሊዝኛ ቃል። ትርጉሙ አራት ሰዓት ወሰደ። አንዲቱን የማደንዘዣ ዓይነት ታካሚው በሚገባው አማርኛ ለማስቀመጥ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ማረም፣ አማርኛ ፊደሉ ሳጥኑ ውስጥ አልገባ ሲል መስመሩን ማስተካከል፣ ሌላ ሁለት ሰዓት። በድምሩ ስድስት። 1,500 ለስድስት፣ በሰዓት 250 ቃል። 61 ዶላር ለ250 ሲካፈል 24 ሳንቲም ተኩል ገደማ ነው።

ኤጀንሲው 12 ሲልሽ እንግዲህ በዚህ ዓይነት ሥራ በሰዓት 30 ዶላር ነው ያለሽ። 61 ለመድረስ በሰዓት ከ500 ቃል በላይ መሥራት አለብሽ፣ የሕክምና ጽሑፍ በዚያ ፍጥነት የሚሠራ ሰው ሳያነብ ነው የሚሠራው። ሰው የሚፈርምበት ወረቀት ነው፣ አታድርጊው።

ሳትፈርሚ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂ፤ የሚቆጠረው የየትኛው ቋንቋ ቃል ነው? አማርኛ ብዙውን ነገር አንድ ቃል ውስጥ ነው የሚያጭቀው። «አልነገርኳቸውም» አንድ ቃል ነው፣ በእንግሊዝኛ አራት። ያ 1,500 ቃል ፎርም አማርኛው 1,100 ሆኖ ነው የወጣው። ኤጀንሲው የሚቆጥረው አማርኛውን ከሆነ 180 ዶላሩ 132 ይሆናል፣ ስድስቱ ሰዓትሽም እያንዳንዱ 22 ዶላር። ውሉ ላይ በምንጩ፣ ማለትም በእንግሊዝኛው ቃል ብዛት ተብሎ ይጻፍ።

ታዲያ እምቢ በይ ማለቴ ነው? ሙሉ በሙሉ አይደለም። 61 የሁሉም ሰዓትሽ አማካይ ነው እንጂ የእያንዳንዱ ሥራ ዋጋ አይደለም። የትምህርት ቤት ደብዳቤ ከሆነ፣ ስለ አውቶቡስ ሰዓት፣ ስለ ወላጆች ስብሰባ፣ ደግመሽ ደጋግመሽ የሠራሽው ነው፣ በሰዓት 330 ቃል ትሄጃለሽ። በ12 ሳንቲም 40 ዶላር ገደማ ነው። በሳምንት አሥር ሰዓት እንዲህ ያለ ሥራ ብትይዢ፣ የቀረው 14 ሰዓት በ76 ዶላር መሸጥ አለበት፤ ያኔ ሳምንቱ 1,464 ይሞላል፣ እሱም 24 ጊዜ 61 ነው። 76 የሚከፍለው በቀጥታ የሚያዝሽ ደንበኛ ነው፣ ክሊኒኩ ራሱ፣ የሕግ ቢሮው ራሱ፤ መሐል ላይ የሚወስድ ሰው ስለሌለ። የኤጀንሲው ሰዓት ከአሥር ባለፈ ቁጥር የቀረው ዋጋ እንዴት እንደሚያሻቅብ ራስሽ ሞክሪው። 18 ሰዓት ከሆነ የቀሩት ስድስቱ እያንዳንዳቸው 124 ዶላር መሆን አለባቸው። ያንን የሚከፍልሽ አታገኚም፣ ስለዚህ አሥር ላይ አቁሚ።

የልደት ሰርተፍኬቱን በቃል አታስከፍዪ። የድሮ የቀበሌ ሰርተፍኬት 120 ቃል ቢሆን ነው፣ በ24 ሳንቲም ተኩል 29 ዶላር። ሥራው ግን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የደበዘዘውን ማኅተም ማንበብ አለ፣ ስሙ ፓስፖርቱ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ደውሎ መጠየቅ አለ፣ ቀኑን መለወጥ አለ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1988 ማለት ዲሴምበር 30፣ 1995 ነው፣ ከአምስት ቀን በኋላ ያለው ታኅሣሥ 25 ግን ጃንዋሪ 4፣ 1996፤ ሰባት ዓመት ወይ ስምንት ብሎ በግምት የደመረ ሰው የሰውን ጉዳይ ያበላሻል። ከዚያ ኢሚግሬሽን የሚጠይቀው ማረጋገጫ አለ፣ ትርጉሙ ሙሉና ትክክል እንደሆነ፣ አንቺም ለመተርጎም ብቁ እንደሆንሽ የምትፈርሚበት። አንድ ሰዓት ተኩል በ61፣ 91 ዶላር ከ50 ነው። ዝቅተኛ ዋጋሽን 90 አድርጊ። አንዲት እናት መክፈል ካልቻሉ በነጻ ሥሪላቸው፣ እኔም አደርገዋለሁ፣ ግን ዋጋው 90 ይሁን።

ገንዘቡ ሲገባ በዚያው ቀን ወጪውን ቀንሰሽ ከቀረው 26 በመቶውን ሌላ አካውንት ውስጥ አስገቢ። ታክሱ በዓመት አራት ጊዜ ነው የሚከፈለው፣ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የጠበቀ ቅጣት ይጨመርበታል።

የነበሩ ደንበኞችሽን በአንድ ጊዜ ከ25 ወደ 61 አታስደንግጫቸው። ለአዲስ ሰው ከዛሬ ጀምሮ አዲሱን ዋጋ ንገሪ። ለነባሮቹ የ60 ቀን ማስታወቂያ ስጪ፣ ቀኑን ጽፈሽ፣ ይቅርታ ሳትጠይቂ። ለኤጀንሲው ደግሞ እንዲህ ብለሽ መልሺ፤ «የትምህርት ቤት ደብዳቤ በ12 ሳንቲም፣ በእንግሊዝኛው ቃል ብዛት፣ በሳምንት እስከ 3,300 ቃል እቀበላለሁ። የሕክምና ፎርም በ25።» ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።