ዕቁብ ለደረሳችሁ ልጆች

ከሠላሳ ዓመት በላይ በባንክ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ መቀበያው መስኮት ላይ። ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀን የተለየ ነበር። ዕቁብ እሑድ ይጣላል፣ ባንክ ደግሞ እሑድ ዝግ ነው፤ ስለዚህ ዕጣው የወጣለት ሰው ገንዘቡን ቤቱ ወስዶ ያድርና ሰኞ ማልዶ ይመጣል። ዓይኑን አይቼ እንዳልተኛ አውቅ ነበር።

አንድ ሰኞ አንድ ወጣት ነጋዴ በጥቁር ፌስታል 100,000 ብር ይዞ መጣ። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 5,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ ነው፤ አምስተኛው ዕጣ የእሱ ሆነ። አሥር እስር መቶ መቶ ብር ነበር። በማሽን ስንቆጥረው አንዱ እስር ውስጥ ሁለት ኖት ጎደለ፤ 200 ብር መሆኑ ነው። እስሩ እንደታሰረ ነው የተቀበለው፣ ዕቁቡ መዝገብ ላይም «ሙሉ ተቀብያለሁ» ብሎ ፈርሟል። ከማን ይጠይቅ? እኔን በጥርጣሬ አየኝ፤ አልፈረድኩበትም።

ልጆቼ፣ ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው። ገንዘቡን ከእሑድ እስከ ሰኞ እናንተ አትሸከሙት። ደህና ዕቁብ በዳኛውና በጸሐፊው ጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ አለው። ዕጣው ሲወጣላችሁ ሰኞ በቀጥታ ወደ ሒሳባችሁ እንዲያዛውሩላችሁ ጠይቁ። ቼክ ከሰጧችሁ ስማችሁ በትክክል ይጻፍበት፣ ፊቱ ላይም ሁለት ትይዩ መስመር ይሰመርበት፤ እንዲህ ያለው ቼክ ቢጠፋ ያገኘው ሰው መስኮት ላይ በጥሬ ገንዘብ ሊመነዝረው አይችልም። ግን ቼክ በእጅ ገባ ማለት ገንዘብ ገባ ማለት አይደለም። ሒሳቡ ስንቅ ከሌለው ቼኩ ይመለሳል። ስለዚህ ሒሳባችሁ ላይ መግባቱን ሳታዩ መዝገቡ ላይ «ተቀብያለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ። በስልክ የሚመጣ አጭር መልእክትንም ብቻውን አትመኑ፤ ሐሰተኛ መልእክት መላክ ቀላል ነው። ቀሪ ሒሳባችሁን ራሳችሁ ተመልከቱ።

ጥሬ ገንዘብ መቀበል ግድ ከሆነ እስሩን ፈትታችሁ ዳኛው ፊት ቁጠሩ። ያሳፍራል ብላችሁ አትተዉት። ባንክ ስትደርሱ ከየት እንደመጣ ትጠየቃላችሁና የዕቁቡን ደብተር ያዙ፤ በገቢ ደረሰኙ ላይም «የዕቁብ ዕጣ» ብላችሁ ጻፉ። ከመስኮቱ ሳትርቁ በደረሰኙ ላይ ያለውን የሒሳብ ቁጥርና ስም አንብቡ።

ወደዚያ ወጣት ልመለስ። ገንዘቡ ከገባ በኋላ ፊቱ ፈካ፣ «አሁን መቶ ሺህ ብር አለኝ» አለ። የለህም አልኩት። አምስት ጊዜ ጥሎ 25,000 አውጥቷል፤ ገና አሥራ አምስት ሳምንት ይቀረዋል። ሒሳቡ ላይ ከተኛው ውስጥ 75,000 ብሩ የዕቁብተኞቹ ነው፤ ለዚያም ዋስ አስፈርሟል። እሱ ቢቀር ዋሱ ይከፍላል። ለዚህ ነው የቀረውን መጣያ የማይነካበት ሌላ የቁጠባ ሒሳብ ክፈት ያልኩት።

ዕቁብና ባንክ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ የተበደረ ነው፤ ባንክ ያለ ማስያዣ እንዲህ አያበድረውም። መጨረሻ የደረሰው ግን አበዳሪ ነው፣ ወለድም አያገኝም። ያንኑ 5,000 ብር በየሳምንቱ በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ባንክ ቢያስቀምጥ ኖሮ በሃያው ሳምንት ከግብር በፊት 1,280 ብር ገደማ ይጨመርለት ነበር። በእኔ ግምት ይህ ብዙ ገንዘብ አይደለም። ዕቁብተኛው የሚከፍለው ለጽናቱ ነው፤ ባንክ ሳምንት ብትዘሉ ማንም በር አያንኳኳም። (ባለቤቴ በባንክ ባለሙያ ቤት ሃያ ዓመት ዕቁብ ስትጥል አልተከራከርኳትም።) ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ልዩነቱ ይሰፋል። በባንክ ያለ ገንዘብ እስከ 100,000 ብር ድረስ በተቀማጭ መድን ፈንድ የተሸፈነ ነው፤ ዕቁብ ውስጥ ያለውን የሚሸፍነው የዋሱ አቅምና የዳኛው ታማኝነት ብቻ ነው።

ወጣቱ በሚቀጥለው ዕቁቡ ዕጣው አሥራ ሰባተኛ ላይ ወጣለት። ሰኞ ጠዋት ባዶ እጁን መስኮቴ ጋ መጣና መታወቂያውን አስቀመጠ። «ከዕቁቡ ሒሳብ የተዛወረልኝ ገብቶ እንደሆነ እይልኝ» አለ፤ ገብቶ ነበር።