ትዝታ ከመጣ በኋላ ባለችው ሰዓት

ልጆች፣ ቢሮዬ አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ሰው ሲያወራ እየሰማሁ እንጀራ መብላት ከጀመርኩ ከ30 ዓመት አልፏል። የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። በ2016 ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ አንድ ዓይነት ወጣት ይበዛብኛል። ቁጭ ይልና «ጋሼ፣ የጎደለኝ ነገር የለም። ድሮ ግን ይናፍቀኛል» ይለኛል። ዕድሜውን ስጠይቀው 24 ወይም 26 ይለኛል። መጀመሪያ አካባቢ በልቤ እስቅ ነበር። የ26 ዓመት ልጅ ምን ድሮ አለው?

መሳቄ ስህተት ነበር። እኔ ራሴ ለስድስት ወር ያህል ፒያሳን ላለማየት ዞሬ እሄድ ነበር። ለታክሲ ሹፌሩ ግን «መንገዱ ይጨናነቃል» ነበር የምለው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1688 ባዝል ከተማ ውስጥ ዮሐንስ ሆፈር የሚባል የሕክምና ተማሪ ናፍቆትን የበሽታ ስም አወጣለት። ኖስታልጂያ አለው። ቃሉን የሠራው ከሁለት የግሪክ ቃላት ነው፤ አንዱ ወደ ቤት መመለስ ማለት ነው፣ ሌላው ሕመም። ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ስዊሶች በናፍቆት እህል አልበላ ይላቸው፣ ይከሱ ነበር። መድኃኒቱ ወደ አገር ቤት መላክ ነው ተባለ። ለእናንተ ግን ይህ መድኃኒት አይሠራም። የምትመለሱበት ቤት የለማ።

ዛሬ ትዝታን በሽታ የሚለው የለም። እንግሊዝ አገር፣ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ፣ ቲም ዊልድሹትና ኮንስታንቲን ሴዲኪዲስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ጥናት አሳተሙ። ሰዎችን ትዝታ መቼ እንደሚመጣባችሁ ንገሩን ብለው ጠየቁ። ከሁሉም በላይ የተደጋገመው መልስ «ሲከፋኝ» የሚል ነው። ብቸኝነትም በደንብ ተጠቅሷል። የድሮ ነገር እንዲያስታውሱ የተደረጉት ሰዎች ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚወዳቸው ሰው እንዳለ ይበልጥ ተሰምቷቸዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። እኛ ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉን እንገለብጠዋለን። ትዝታ መጣና አሳዘነኝ እንላለን። ብዙውን ጊዜ ግን ሐዘኑ ቀድሞ ነው የሚመጣው። ትዝታው ሊያባብለን ኋላ ይደርሳል። ሙዚቀኞቻችን ይህን ሳያጠኑት ያውቁታል። የትዝታ ቅኝት ሜጀርም ማይነርም አለው። ከአምስቱ ድምፆች ሁለቱ ግማሽ ዝቅ ሲሉ ያው ዜማ ከፈገግታ ወደ እንባ ይዞራል። ብዙ ርቀት የለውም።

ታዲያ ትዝታ የሚያባብል ከሆነ የሚጎዳው መቼ ነው? አንድ ልጅ ላንሳላችሁ። ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ።

26 ዓመቱ ነው፣ ሒሳብ ሠራተኛ። ያደገው ፒያሳ ውስጥ፣ ሰባት አባወራ በሚኖርበት አንድ ግቢ ነው። አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ይኖራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ይዞ ፒያሳ ይመጣል። ቤታቸው የነበረበት ቦታ፣ አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ ዝም ብሎ ይቆማል። ከዚያ ካፌ ይገባና በስልኩ የሰፈሩን ፎቶዎች እያየ ያመሻል። ከገባበት ብሎክ ስምንት ወር ቢሞላውም የጎረቤቱን ስም አያውቅም። ጓደኞቹ ሲደውሉ አያነሳም።

ደብተር ሰጠሁት። ለሁለት ሳምንት፣ ትዝታ በመጣ ቁጥር ሦስት ነገር እንዲጽፍ ነገርኩት። ከመምጣቱ በፊት ምን እያደረገ ነበር? ምን ትዝ አለው? በቀጣዩ አንድ ሰዓትስ ምን አደረገ? 11 ጊዜ ጽፎ መጣ። ከ11ዱ 8ቱ ማታ ከሥራ ገብቶ ብቻውን እራት ሲበላ የመጡ ናቸው። ትዝ የሚለው ደግሞ ግድግዳው ወይም ቆርቆሮው አልነበረም። ቡና ሲደርስ ከበሩ ላይ ሆና ስሙን የምትጣራ አንዲት እትዬ ነበረች።

ከሁሉም ያሳሰበኝ ሦስተኛው ዓምድ ነው። በ11ዱም ጊዜ የተጻፈው ተመሳሳይ ነበር። «ፎቶ አየሁ። ተኛሁ።» እኔ የምለካው እዚህ ጋ ነው። ትዝታው ስልክ ካስደወላችሁ፣ ሰው ካስጠየቃችሁ፣ ሥራውን ሠርቷል። በር ዘግታችሁ ፎቶ ብቻ የምታገላብጡ ከሆነ ግን ረሃቡን ያስታውሳችኋል እንጂ አያበላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ዩኒቨርሲቲ በገቡ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት የሚያሳየውም ወደዚህ የቀረበ ነው። ከድሮ ሰዎቻቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ያልተቋረጠባቸውን ትዝታ ይደግፋቸዋል። የተቋረጠባቸውን ግን ወደ ኋላ ይጎትታቸዋል።

ቀጥሎ ግቢውን ሙሉውን እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ሙሉውን አልኩት፣ ሽንት ቤቱን ጨምሮ። ትንሽ ፈገግ አለ። ለሰባት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበር። ውኃ በሌሊት ስለምትመጣ ጀሪካን ይዞ ይነሳል። ጣሪያው ያፈሳል። አንድ ጎረቤት ጠጥቶ ሲገባ የሚሳደበውን እየሰማ «ከዚህ ሰፈር በወጣሁ» ብሎ ይሳል ነበር። ይህን ሁሉ ረስቶት ነበር። መዋሸቱ አይደለም። አእምሯችን እንዲህ ነው፤ የክፉ ቀን ስሜት ከደግ ቀን ስሜት ቶሎ ይደበዝዛል። እኛ ሽማግሌዎች «በእኛ ጊዜ» ስንላችሁም ይህንኑ አስቡልን። የምንነግራችሁ ሽንት ቤቱ የወጣለትን ግቢ ነው።

ይህን ያስደረግኩት ድሮውን እንዲጠላ ብዬ አይደለም። ከዛሬ ጋር የሚያወዳድረው እውነተኛውን ድሮ እንዲሆን ነው። ስምንት ወር ሙሉ የኮንዶሚኒየሙን ሽንት ቤት ከእትዬ ቡና ጋር ሲያወዳድር ነበር የከረመው። እንዲህ ያለ ውድድር የሚያሸንፍ ሰፈር የለም።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ። ያደጋችሁበት ቤት ሲፈርስ ማልቀስ ሕመም አይደለም። ልቅሶ ነው፤ ልቅሶ ደግሞ ወግ አለው። ከሁለት ሳምንት በላይ ቀኑን ሙሉ ከጨለመባችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከራቃችሁ፣ መኖሩ ራሱ ካስጠላችሁ ግን ያ ትዝታ አይደለም። ደብተርም አይበቃውም። ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ልጁ በመጨረሻ ለእትዬ ደወለ። እሷም ሌላ ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷታል። «አንተ ልጅ፣ በሕይወት አለህ እንዴ?» ብላ ጮኸችበት። አሁን በወር አንድ ቅዳሜ አራት የድሮ ጎረቤቶች ፒያሳ ማኪያቶ ይጠጣሉ። ትንሽ ዕቁብም ጀምረዋል። በሌሎቹ ቅዳሜዎች አልፎ አልፎ አሁንም ብቻውን ሄዶ ይቆማል። እኔም አልከለከልኩትም።

ባለፈው ሲመጣ የጎረቤቱን ስም ጠየቅኩት። ነገረኝ። የሦስቱንም ልጆቿን ስም ጨምሮ።